ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ

በለጥሽ የእናቷን መሞት ከተቀበለች ቆይታለች፤ መደበቁን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። እናቷ በትውልድ መንደራቸው በገረሴ ተቀብራ፣ በለጥሽ በምትነግድበት በሲቀላ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ እሷ ብቻ ሙዟን እየመዘነች ከደንበኛ ጋር ትሳሳቅ ነበር። ከጎኗ ሽንኩርት የምትሸጠው ረይሐና እንኳ ታውቅ ኖሯል። ወንድሟ ኤርጫፎ በስልክ ያላት "እማማን ትንሽ አሟታል፤ ሲመችሽ ብቅ በይ" ብቻ ነው። ስትደርስ የጠበቃት የአፈር ክምር ነበር።

"ላንቺ አዝነን ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትወድቂ" አሏት።

"ቀባሪ መሆን ስችል መርዶ ሰሚ አደረጋችሁኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው "ሰላም ነው" ሲላት ዓይን ዓይኑን ታያለች።

በለጥሽ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረችም፤ የቅርብ ነገር ማየትም ካቃታት ከርሟል። የስልኳ መስታወት ደግሞ ከወደቀ ጀምሮ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ልጇ ኖላዊት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ፣ በድምፅ የሚያወራውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ኤአይ የሚሉትን፣ ስልኳ ላይ ጫነችላት። በለጥሽም ለመደችው። ጠዋት የወረደላትን ሙዝ ፎቶ ታነሳና ትልክለታለች። መጀመሪያ ሰሞን ግን ፎቶ በላከችለት ቁጥር የዘለላውን ቀለም፣ የሳጥኑን ጣውላ፣ የጀርባውን ግድግዳ ሳይቀር ሲዘረዝርላት ትበግን ነበር።

"ይሄ ሰው አያፍርም እንዴ? ሙዝ አሳየሁት እንጂ ቤት ሽጥልኝ አልኩት?"

ኖላዊት እየሳቀች የኤአዩ ማስተካከያ ውስጥ ገባችና ጻፈችለት፤ እናቴ ፎቶ ስታጋራህ አጠር ያለ፣ ሞቅ ያለ መልስ ስጣት፤ ዝርዝር ካልጠየቀችህ አትዘርዝር። ከዚያ በኋላ "እንዴት ያማረ ሙዝ ነው! ገበያው ይቅናዎት" ይላትና ዝም ይላል። ለበለጥሽ ይኸው በቂዋ ነበር። ሰው ለሰው ፎቶ ሲያሳይ "አይ ሲያምር" መባል ነው እንጂ የሚፈልገው፣ ማን ዝርዝር ይጠብቃል?

አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የኤርጫፎ ልጅ ኪያ ከገረሴ ፎቶ ልካለች፤ ቃል የለበትም። በለጥሽ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ከስንጥቁ በስተጀርባ ሰማያዊ ነገርና ብዙ ሰው ብቻ ታያት። "ሠርግ አለ እንዴ?" አለችና እንደ ልማዷ ለኤአዩ አሳለፈችለት።

"እንዴት ደስ የሚል ስብስብ ነው! መልካም የቤተሰብ ጊዜ ይሁንላችሁ" አላት ድምፁ።

ሚዛን ስትወለውል የነበረችው ኖላዊት እጇን አቆመች።

"ማን ነው የላከልሽ?"

"ኪያ ናት። ሠርግ መሰለኝ፤ ሳይጠሩኝ!"

"ለ... ለሌላ ሰው ልትልክ ብላ ይሆናላ። ተይው እማዬ። አሁን ደንበኛ ይመጣል።"

በለጥሽ ልጇን አየቻት። ኖላዊት ዓይኗን ወደ ሚዛኑ ሰበረች። ይህን አንገት አቀርቃሪነት በለጥሽ ታውቀዋለች። ያኔ ረይሐናም ሽንኩርቷ ላይ እንዲሁ አቀርቅራ ነበር። ወደ ኪያ ደወለች፤ አይነሳም። ወደ ኤርጫፎ ደወለች፤ ተዘግቷል።

"ኖላ፣ ገረሴ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ሰላም ነው።"

"ሰላም ነው አልሽ?"

"ሰምተሽው የለ? ደስ የሚል ስብስብ ነው ብሎሻል እኮ!"

በለጥሽ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ስማኝ አንተ። አጭሩን አልፈልግም። ፎቶው ላይ ያየኸውን ሁሉ አንዲት ሳታስቀር ንገረኝ።"

"እማዬ ተይው! ምን ያደርግልሻል?" ኖላዊት ስልኩን ልትቀማ እጇን ዘረጋች። በለጥሽ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ድምፁ እንደ ቅድሙ ረጋ ብሎ ጀመረ። "ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ወደ መሬት ያያሉ። በስተግራ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመዋል፤ የነጠላቸው ባለቀለም ጠርዝ ወደ ላይ፣ ትከሻቸው ላይ ነው። አንዷ ሴት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች።"

የነጠላው ጥለት ትከሻ ላይ። በለጥሽ ከዚያ ወዲህ የሰማችው ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው።

"ምን ዝግጅት እንደሆነ ከፎቶው ብቻ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሐዘን ሊሆን ይችላል። ቅድም የደስታ ነው ብዬ መገመት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ።"

"አባቴ አለ እዚያ ውስጥ?"

"ሰውን በመልኩ ማንነቱን ልለይልዎ አልችልም።"

"እሺ፣ በሩ ጋ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ተቀምጧል?" አባቷ ጎህ ሲቀድ ከበሩ ጎን በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ የሚነሳው ሲመሽ ነው። ዝናብ እንኳ አያስነሳውም።

"በሩ አጠገብ ሰው አይታየኝም። አንድ ባዶ በርጩማ አለ።"

ገበያው እንደ ወትሮው ይጮሃል። ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የታክሲ ረዳት "ሻራ! ሻራ!" እያለ ተሳፋሪ ይጠራል። በለጥሽ ግን የሙዙን ሳጥን ይዛ ቆመች። መሞቱ ብቻ አልነበረም ያስፈራት። አሁን እያወራች፣ አሁን እያመነታች፣ አፈር እየለበሰ ቢሆንስ? እንደገና የአፈር ክምር ቢጠብቃትስ?

"ኖላዊት። አባባ ተቀብሯል?"

ኖላዊት ማልቀስ ጀመረች። "አጎቴ ነው እማዬ፣ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ... ነገ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱሻል አሉ። ቀስ ብለሽ እንድትሰሚ ብለን..."

"ተቀብሯል ወይ ነው ያልኩሽ!"

"አልተቀበረም። ዛሬ ከሰዓት ነው።"

በለጥሽ አልጮኸችም። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ መልሳ ለበሰችው። ያየችው ረይሐና እየሮጠች መጣች።

"በለጤ፣ ምን ሆንሽ? ሰላም ነው?"

"ሰላም አይደለም። አባቴ ሞቷል። ዛሬ ይቀበራል፤ እኔም ልቀብረው ነው። ሙዙን እይልኝ።"

ረይሐና አፏን በእጇ ያዘች። በለጥሽ ይህን ያህል ቃል በገዛ አፏ ማውጣቷ ለራሷም ገረማት፤ ከፍርሃቱ ላይ ጥቂት የቀነሰላት መሰላት። ኖላዊት እየተከተለቻት ወደ መነኻሪያው ሮጠች። የገረሴው መኪና ገና አልሞላም። ሾፌሩን "አባቴን ሊቀብሩብኝ ነው፤ ለባዶው ወንበር ሁሉ እኔ እከፍላለሁ" አለችው። ሰውየው ፊቷን አየና ሞተሩን አስነሳ።

ዳገቱን ሲይዙ በለጥሽ ደግማ ደወለች፤ አሁን የኤርጫፎ ስልክ ጠራ።

"እንዴት ነሽ እቴ? ሰላም ነው፤ አባባን ትንሽ..."

"ኤርጫፎ፣ ሸራውን አውቄዋለሁ። በርጩማው ባዶ መሆኑንም አውቄያለሁ። ትንሽ አሞታል እንዳትለኝ።"

ከበስተጀርባው ሙሾ ይሰማል።

"ማን ነገረሽ?"

"ጠይቄ ነው የሰማሁት። አሁን አንተ ንገረኝ። መቼ ሞተ? በምን? ማን አጠገቡ ነበር? አንዲት ሳታስቀር።"

ኤርጫፎ መጀመሪያ ተንተባተበ፤ ከዚያ ነገራት። ትናንት ማታ እራቱን በልቶ ነበር። ደረቴን ያዘኝ አለ። ኪያ ራሱን ደግፋው ነበር። የበለጥሽን ስም ሁለቴ ጠርቷል። ይህን ሲላት በለጥሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ስልኩን ግን ከጆሮዋ አላነሳችም።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ያለውን በሙሉ ነግሬሻለሁ።"

"እንግዲያስ ሽማግሌዎቹን ንገራቸው። መቃብሩ አፍ ላይ ልጁ እስክትደርስ ይቆያሉ። ካልጠበቃችሁኝ በእጄ ቆፍሬ አወጣዋለሁ።"

ጠበቋት። ስትደርስ የሬሳ ሳጥኑ ከተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ነበር፤ ሰዎቹ መንገድ ከፈቱላት። ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አካፋ የያዘውን ሰው "ስጠኝ" አለችው። የመጀመሪያውን አፈር እሷ አለበሰችው።