በሁለት ቀለም የተጻፈ ኤክስ

በሙያ ማሠልጠኛው መዝገብ ቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሁሉም ቀድማ የምትደነግጠው ጸሐፊዋ ናት። ስልኩ ገና ሳይነሳ «ምናልባት አንዱን ልጅ ኤሌክትሪክ ይዞት ይሆናል» ትላለች። ሲነሳ የማተሚያ ቀለም ደርሷል የሚል ነጋዴ ነው። ባልደረቦቿ በዚህ ጠባይዋ «ወይዘሮ ምናልባት» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም አትቀየምም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጫፎቹ የተላላጡ የስም መጥሪያ መዝገብ አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችላት። ኃላፊዋን ተማሪዎቹ «እትዬ ማኅተም» ይሏታል፤ ማኅተም ካላረፈበት ሰላምታም አትቀበልም ለማለት ነው።

«የኤሌክትሪክ ክፍሉ ነው» አለች እትዬ ማኅተም። «ወደ ኮምፒዩተር አስገቢልኝ። ስም ወደ ታች፣ ቀን ወደ ጎን። የተገኘ ‹ተ›፣ የቀረ ‹ቀ›፣ አርፍዶ የመጣ ‹አ›። ትምህርት ያልነበረበት ቀን ሰረዝ። አንድም ባዶ ሳጥን እንዳላይ፤ ባዶ ከሆነ ተማሪው ቀርቶ ይሁን አንቺ ዘልለሽው በምን አውቃለሁ? ያልተነበበልሽ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጊ እንጂ እንዳትገምቺ።»

«ለምንድን ነው የሚፈለገው?»

«ለተግባር ፈተና ነዋ። ከተፈቀደው በላይ የቀረ አይቀመጥም።»

ጸሐፊዋ ከመዝገቡ ቀና አለች። «ልጄ እኮ እዚሁ ክፍል ናት።»

«አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ስትጨርሺ ቁጭ ብለን አብረን እናመሳክረዋለን። አሁን ጀምሪ።»

መዝገቡ የሁለት መምህራን እጅ ያረፈበት ነበር። የዘመኑን የመጀመሪያ ወራት ያስተማረው ጋሽ ፊውዝ ነው፤ በትንሽ በትልቁ ስለሚቃጠልና ወዲያው ስለሚበርድ የተሰጠው ስም ነው። እሱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር አዲሱ መምህር ተተካ። በመዝገቡ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ መፍቻ አለ፦ ነጥብ ተገኝቷል፣ አንድ ሰያፍ ጭረት አርፍዷል፣ ኤክስ ቀርቷል። ጸሐፊዋ መፍቻውን በቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ኮምፒዩተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ዓይኗ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እንዳይንሸራተት ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አኖረች። መካከል ላይ አዲስ ተማሪዎች ስለገቡ ተራ ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ስለዚህ በቁጥር ሳይሆን ሙሉ ስም እያየች አስገባች። እጇ ሥራውን ለመደው። ሹራብ እንደ መሥራት ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ጣት ራሱ ይሄዳል።

የልጇ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ።

ኤክስ። ነጥብ። ኤክስ፣ ኤክስ። ነጥብ። ኤክስ። ገጹን ገለጠች፤ የሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። «ቀ» እየጻፈች ሄደች። የመጨረሻዋን ስትጽፍ ሰንጠረዡ ዳር ላይ ያለው ድምር ከተፈቀደው እጥፍ ሆኖ አገኘችው።

ታዲያ ልጅቷ በየቀኑ ከቤት ስትወጣ የት ነበር የምትሄደው? ጸሐፊዋ ይህን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ክፉ ክፉውን ማሰብ የለመደ አእምሮ በዚህ አይደክምም። በሐሳቧ አንድ ጎረምሳ አየች። ቀጥሎ ሆስፒታል አየች። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።

ማንም አያያትም። አንዲት «ቀ» አጥፍቶ «ተ» መጻፍ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ፋይሉን እንዳለ አስቀምጣ ዘጋችና ቦርሳዋን አነሳች።

ልጅቷ ቤት ስትደርስ እናቷ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ታናሽ እህቷ ወለሉ ላይ ክዳን በክዳን ላይ እየደረደረች ትጫወታለች።

«የት ነው የምትውዪው?»

«ማለት?»

«ማለት አትበይኝ! ትምህርት ቤት ነኝ እያልሽ የት ነው የምትውዪው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ! እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አንድ ቀን ነው የቀረሁት፤ ጥርሴን የተነቀልኩ ዕለት። አንቺ ራስሽ ይዘሽኝ ሄደሽ የለ?»

«መዝገቡ ሌላ ነው የሚለው።»

«የወለድሽው መዝገቡን ነው ወይስ እኔን?»

«በሰው ቋንቋ መልሺልኝ!»

«በምን ቋንቋ ነው የመለስኩት?» ልጅቷ ደብተሯን አልጋው ላይ ወርውራ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ፈተናው ካለፈኝ ዓመቱን ልደግም ነው፤ እኔ የምቀር ይመስልሻል?»

ሌሊቱ በእናትየዋ ዓይን እንቅልፍ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት ሐሳቧ ልጇን ማዳን አልነበረም፤ ያንን ተስፋ ቆርጣለች። ከእትዬ ማኅተም ፊት ከመቅረቧ በፊት ስሕተት እንዳይገኝባት ብቻ ነበር የፈለገችው። ጋሽ ፊውዝ በየቀኑ ዓምድ ግርጌ «ያልመጡ» ብሎ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ትናንት አላየችውም ባይባልም አልተጠቀመችበትም። አሁን የእሷን «ቀ»ዎች ወደ ታች ቆጥራ ከእሱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ጀመረች።

የመጀመሪያው ቀን፦ መምህሩ ሦስት ይላል፤ የእሷ ሰባት። «ወይ ጉድ፣ መስመር ስቼ ነው» አለች። ሁለተኛው ቀን፦ መምህሩ አንድ፣ የእሷ አምስት። ሦስተኛውም አልገጠመም። ከዚያ ሌላውን ፊደል ቆጠረች። በመጀመሪያው ቀን «አ»ዎቿ ሦስት ናቸው። በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው አራት፤ የመምህሩም ቁጥር አራት።

መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ኤክሶቹን ቀረብ ብላ አየቻቸው። አንዱ ጭረት ሰማያዊ፣ እላዩ ላይ የወደቀው ሁለተኛው ቀይ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ አንዱ ደማቅ እስክሪብቶ፣ ሁለተኛው እርሳስ። ትናንት «ይህ ሰውዬ ብዕር አይበቃውም» ብላ አልፋው ነበር። አሁን ሁለቱ ጭረቶች በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ እንዳልሆኑ ገባት።

ወደ አዲሱ መምህር ገጾች ዘለለች። እዚያ ኤክሶቹ ሁሉ ባለ አንድ ቀለም ናቸው። ሽፋኑ ላይ ያለው መፍቻም የአዲሱ መምህር የእጅ ጽሑፍ ነው። ለራሱ የጻፈውን እሷ ለመዝገቡ በሙሉ አድርጋዋለች።

ልቧ ቢዘልም አላመነችውም። መገመት ተከልክላለች። ስልኩን አንስታ ጋሽ ፊውዝ የተዛወረበት ቅርንጫፍ ደወለች። ረጅም ጊዜ ከጠራ በኋላ አንድ ሰው አነሳና «ጣሪያ ላይ ነው» አለ። «ውረድ በሉት» አለች፤ እሷን የሚያውቃት ሰው ቢሰማት ይገረም ነበር።

«ማነው?» የሚል የተቆጣ ድምፅ መጣ።

«ጋሽዬ፣ ከመዝገብ ቤት ነው። በስም መጥሪያው ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት ሲያደርጉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ለዚህ ነው ከመሰላል ያወረድሽኝ? ያልመጣ ማለት ነዋ! ስም ስጠራ አቤት ካላለ እጭርበታለሁ።»

«ኤክስስ?»

«አርፍዶ ሲገባ በዚያው ጭረት ላይ ሌላ ጭረት አሳልፍበታለሁ። ምን ላድርግ፣ ልፋቀው? መዝገብ አይፋቅም። እጄ በገባው ብዕር አሻግርበታለሁ፣ አለቀ። ማን ነው ይህን የማያውቅ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ። ዕድሜ ይስጥልኝ።»

«ኧረ ለአንቺም! ቁጣዬን አትያዥብኝ፤ መሰላሉ ነው» አለና ሳቀ።

የጋሽ ፊውዝን ወራት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እንደገና አስገባቻቸው። አንድ ጭረት «ቀ»፣ ኤክስ «አ»። አዲሱ መምህር ከገባበት ቀን ወዲህ ያለውን አልነካችውም። ከሰንጠረዡ በላይ የሁለቱንም መምህራን ምልክቶች ከነቀናቸው ጻፈች። በልጇ መስመር ላይ አንዲት «ቀ» ብቻ ቀረች፤ ጥርስ የተነቀለበት ዕለት። አላጠፋቻትም።

ግን የአንዷ መስመር ሲቀልል የሌላው ከበደ። ትናንት በ«አ» ተሞልቶ ያለፈ «ሳቂታው» የሚሉት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጭረቶቹ ሁሉ «ቀ» ሆነው ከወሰኑ አለፈ። ጸሐፊዋ ረጅም ጊዜ ስሙን አየችው። የእሱም እናት የሆነ ቦታ አለች።

እትዬ ማኅተም ወንበሯን ስባ መጣች። እሷ ከመዝገቡ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ጸሐፊዋ በሰንጠረዡ ላይ በጣቷ እየተከተለች፣ ዓምድ በዓምድ ወረዱ። የየቀኑ ቁጥር ከግርጌው ጋር ገጠመ። አንድ ሳጥን ላይ ቀለም ፈስሶ ስለማይነበብ የጥያቄ ምልክቱ እንዳለ ቀረ።

«እትዬ፣ ሦስት ማርፈድ እንደ አንድ መቅረት ይቆጠር ይሆን?» አለች ጸሐፊዋ።

«ያ የሌላ ትምህርት ቤት ደንብ ነው። አንቺ ደግሞ፣ የራስሽ መከራ አልበቃ ብሎሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ?»

«ሳቂታውስ?»

«ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። የሕመም ወረቀት ካለው ያመጣል፤ ከሌለው የማካካሻው ዙር አለለት። ቢያንስ በትክክለኛው ነገር እንጠይቀዋለን።» ማኅተሟን አንስታ ከማሳረፏ በፊት ቀና አለች። «ልጅሽ ግን ለምንድን ነው ይህን ያህል ታረፍድ የነበረው?»

ይህን ጸሐፊዋ አላወቀችም። ማታ ልጇን ጠየቀቻት፤ በዚህኛው ማታ ግን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር።

«የሕፃናት ማቆያው በር ብዙ ቀን ዘግይቶ ነው የሚከፈተው» አለች ልጅቷ። «ትንሿን እዚያ ዘበኛው ጋ ትቼ መሄድ አልችልም። እስኪከፈት እቆማለሁ። አዲሱ መምህር ሲመጣ ክፍሉ ወደ ረፋድ ተዛወረ እንጂ፣ ያን ጊዜ ብዙውን ቀን አርፍጄ ነበር የምገባው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልንገርሽ? ሥራሽን ትተሽ በሩ ላይ ልትቆሚ! ከዚያ ‹ምናልባት ያባርሩኛል› እያልሽ ከስተሽ ልታልቂ! አላውቅሽም እንዴ?»

እናትየዋ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ትናንት ስላልኩሽ ነገር…»

«ተይው እማዬ።»

«አልተወውም። አላመንኩሽም። ማመን ነበረብኝ።»

ልጅቷ በትከሻዋ የእናቷን ትከሻ ገፋ አደረገችው።

ለፈተና የሚቀመጡት ስም ዝርዝር ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ የልጅቷ ስም ነበረበት። በዚያው ሳምንት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖል ማቀፊያና ሽቦ የተመታበት ሳንቃ ይዛ መጣችና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እናትየዋ በሩ ላይ ቆመች።

«እሳት ቢያስነሳስ?»

«ለዚህ እኮ ነው የምማረው። ነይ ቅረቢ። አንቺ ነሽ የምታበሪው።»

«እኔ? ኧረ በሞትኩት!»

«ነይ ስልሽ!»

ጣቷን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍና ተጫነች። አምፖሉ አልበራም። ልጅቷ ሶኬቱን ነቅላ ሳንቃው ላይ ጎንበስ አለች፤ አንዱን ሽቦ ሳብ ብታደርገው ከመያዣው ተንሸራተተ። ብሎኑን አጠበቀችው፣ እንደገና ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ሶኬቱንም መልሳ ሰካች።

«ድገሚ» አለቻት።

እናትየዋ በዚህኛው ዓይኗን አልጨፈነችም።