ረመዳን ሳይገባ የተላከው ኢሜይል

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ባለው ክሊኒክ ስድስት አስተርጓሚዎች ነበርን። ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው የፈረቃ ፕሮግራሙን የመቀየር ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጿሚዎቹ እነ እስማኤል ለኢፍጣር ቤታቸው እንዲደርሱ፣ ከቀኑ ስምንት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ያለውን ፈረቃ እኛ ክርስቲያኖቹ፣ ጋሽ ስንሻው፣ ታምሬና እኔ፣ መያዝ ነበረብን። ካልያዝነው ማታ የሚመጣ ታማሚ የሚያስተረጉምለት አያገኝም።

ኢሜይሉን ጻፍኩት፤ መላክ ግን ከበደኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ስንሻው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ብቻ ነው የሠሩት። ፈረቃቸው መለወጡን ከሁሉም ጋር እኩል እንዲያነቡት አልፈለግሁም። ላፕቶፑን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሳልልከው ቀድመው ይዩት ብዬ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«‹ከተመቻችሁ› ይላል። እኔን የሚመቸኝማ አልጋዬ ነው!» ብለው ሳቁ። «ታምሬም እንዲሁ ይልሻል። ያን ጊዜ እስማኤል ጾሙን ሳይፈታ እዚሁ ያመሻል።»

አፈርኩ። «ታዲያ ምን ልበል?»

«የተወሰነውን ንገሪን እንጂ ልጄ። ምስጋናውን ግን እንዳትነኪው።»

«ከተመቻችሁ» የሚለውን አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከቅዳሜ ጀምሮ በዚህ ፕሮግራም እንሠራለን። ችግር ያለበት እስከ ሐሙስ ይንገረኝ። የጓደኞቻችሁን ሰዓት ስለምትሸፍኑ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ላክሁት። ሁሉም እንዲያየው አድርገው ቀድመው የመለሱት ጋሽ ስንሻው ነበሩ፦ «ደርሶኛል። ስምንት ሰዓት ላይ እገኛለሁ።» ታምሬም ተከተለ።

ምስጋናዬን በጽሑፍ አድርሻለሁ። ለእሳቸው ግን በአፌ ልናገር ከወንበሬ ተነሣሁ።