ከአሸንዳው ጀርባ

አናጢው በእናቱ ቤት የጣሪያ ጠርዝ ላይ አሸንዳ የሚሰቀልበትን የክፈፍ ጣውላ ሲቀይር ይህ ሁለተኛው ነው። ባለፈው ክረምት የገጠመው ጣውላ አሸንዳውን እንደተሸከመ ተገንጥሎ ወደቀ። እናቱ ደጃፉ ላይ ቆመው ስለነበር ለጥቂት ተረፉ።

የወደቀውን አንስቶ አገላበጠው። የፊቱ ቀለም እንዳለ ነው፤ ጀርባው ግን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

"ጉዱ ያንተ አሸንዳ ነው" አለው የእህቱን ባል። ሰውዬው ላሜራ ሠሪ ነው፤ አሸንዳውን አጥፎ የሰቀለው እሱ ነበር።

"የኔ አሸንዳ ጠብታ አያሾልክም! እርጥብ እንጨት ገጥመህ ነው።"

"እርጥብ እንጨት? እኔ?"

"በቃችሁ!" አሉ እናትየው። "ሊጨፈልቅ የነበረው እኔን ነው፤ እናንተ ትጣላላችሁ። አሸንዳውን ስቀሉትና ሲዘንብ እዩት።"

በአሮጌ ጣውላ ደግፈው ለጊዜው ሰቀሉት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ሁለቱ አንድ ሸራ ተከናንበው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ዳር ላይ ያለችው ብቸኛ መውረጃ ቱቦ እስከ አፏ ሞልታ ትንቀጠቀጣለች፤ አሸንዳው ግን አሁንም ይሞላል። ሞልቶ ሲፈስ በፊት በኩል አልነበረም። በጀርባው ጣውላውን እየላሰ ወረደ።

"ቱቦዋን ስሰቅል በዚህ በኩል ያለው ጣሪያ አርባ ካሬ ሜትር ነበር" አለ ላሜራ ሠሪው። "እኔ ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ካሬ ሳንቲ የቱቦ አፍ ነው የምይዘው። የዚህች አፍ አርባ አራት ነው፤ ይበቃ ነበር። በኋላ የኔንና የእህትህን ክፍል ጨመርን፤ ጣሪያው ሰማንያ ሆነ። ቱቦዋን ረሳኋት። ደግሞ ለውበት ብዬ የአሸንዳውን ፊት ከጀርባው ከፍ አደረግሁት።"

አናጢው ማሸነፉን ጠብቆ ነበር፤ ግን ዓይኑ የጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ቀረ። ጠርዙ አሸንዳው ውስጥ አይገባም፤ ውኃው በሥሩ ተመልሶ ወደ እንጨቱ ይሄዳል።

"ቆርቆሮውን አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "የጣውላውን ጀርባም አልቀባሁትም። ማን ያየዋል ብዬ።"

"እሱማ ታየ" አለ አማቹ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ዝናቡ ሲያባራ ሥራ ጀመሩ። አናጢው ደረቅ ጣውላ አምጥቶ ፊትና ጀርባውን፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሳይቀር ቀባ። ላሜራ ሠሪው ረጅም ላሜራ አጥፎ ከቆርቆሮው ሥር ሰካው፤ ውኃው ከታችኛው ጫፉ አሸንዳው ውስጥ እንዲንጠባጠብ አደረገ። አሸንዳውን መሃሉን ከፍ አድርጎ ወደ ሁለቱም ዳር አዘነበለው፣ ፊቱን ከጀርባው ዝቅ አደረገ፤ በሌላኛው ዳርም ሁለተኛ ቱቦ ጨመረ።

ቀጣዩ ከባድ ዝናብ ሲመጣ አናጢው አላስችል ብሎት መሰላል ላይ ወጣ። እጁን ከአሸንዳው በታች ሰዶ የጣውላውን ጀርባ ዳበሰ።

"እህስ?" አለ መሰላሉን የያዘው አማቹ።

"ደረቅ ነው።"

"እንግዲያው ውረድ፤ እኛ ነን የረጠብነው።"