ከመደርደሪያው የወረደው ራዲዮ

ነጋ ውሸታም ነው ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው በቆሰበር አልነበረም። ነጋ እውነተኛ ስለሆነ አይደለም። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፤ ኋላ እህል ነጋዴ ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ልጁ ፀጋው በዋናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፈተ። ባለገንዘብ በተናገረ ቁጥር ራሱን ሲነቀንቅ የሚውል ከተማ፣ ሲዋሽ የሚሰማበት ጆሮ ከየት ያመጣል?

የደፈረው ከዘንገና ድንች ሊሸጥ የመጣው ሽማግሌው ቢሻው ነው። ምሳ ሊበላ ፀጋው ቤት ገብቶ ቀና ሲል፣ ለጌጥ ከተደረደሩት አሮጌ ጀበናዎችና ፋኖሶች መካከል አንድ ባለ እንጨት ራዲዮ አየ። ምግቡን ሳይነካ ተነሣና መደርደሪያው ሥር ቆሞ ጮኸ።

“ይሄ የወንድሜ ራዲዮ ነው! ሌባው ነጋ ነው!”

ነገሩ የቆየ ነው። በሰባዎቹ መግቢያ ላይ የቢሻው ወንድም ደረሰ የተከለከለ ጣቢያ ያዳምጣል ተብሎ ከዘንገና ቤቱ ተወሰደና እስር ቤት ሞተ። በተያዘ ዕለት ራዲዮውም ጠፋ። ጠባቂዎቹን እየመራ የሄደው ሊቀመንበሩ ነጋ ነበር። የደረሰን ሚስት ሸጋን “እኛ ስንደርስ ራዲዮ የሚባል አልነበረም፤ ቢሻው ቀድሞን ወስዶ ሸጦታል” አላት። ሸጋ አመነችው። ባሏ የታሰረባትን ቤት የገዛ ወንድሙ ዘረፈው ብላ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ገበያ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶ ቤትም ቢሻውን ስታይ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አገሩ ሁሉ የሸጋን ጀርባ አይቶ ፈረደ። ቢሻው ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ድሮ፣ አርጅቶም “የወንድሙን ራዲዮ የሸጠው” ከመባል አልዳነም።

ስለዚህ ሽማግሌ ተሰየመ። ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ተዘጋና ራዲዮው ከመደርደሪያው ወርዶ ጋቢ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ አዝመራው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የጠፋ ከብት ሲያስመልሱ የኖሩ ሰው። ዳኝነታቸው አንድ ነው። ላሜ ጠፋች ያለ ሰው ላሟን ሳያይ ምልክቷን ይናገራል፤ ከዚያ ላሟ ትወጣለች። ከገጠመ ይወስዳል፤ ካልገጠመ አፍሮ ይሄዳል።

“ቢሻው አይቶታል፣ የሱ ቃል አይጠቅምም” አሉ አያ አዝመራው። “ያላየችው ሸጋ ናት። ተናገሪ፣ ሸጋ።”

ሸጋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ነጋም ወደ ቢሻውም አላዞረችም።

“መጀመሪያ ይሄን ስሙኝ” አለች። “ለዚህ ወንድሙን ለዘረፈ ሰውዬ ልመሰክርለት አይደለም የመጣሁት። ሲዋረድ ላየው ነው።”

“እሺ፣ እሱን ኋላ ታይዋለሽ። ምልክቱን።”

“ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። በግራ በኩል ድምፅ የሚወጣበት ጨርቅ አለው፤ ወርቃማ ክር ጣል ጣል ያለበት። በቀኝ ቁጥር የተጻፈበት መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ሁለት ማዞሪያ። ማዞሪያዎቹ መሐላቸው ላይ እንደ ሳንቲም ቢጫ ብረት አላቸው። ጨርቁ ከታች በግራ ጥግ ተቃጥሏል። ኩራዝ ወድቆብኝ ነው፤ ደረሰ ያን ለት ሲቆጣኝ አመሸ።”

ነጋ ፈገግ አለ። ጋቢውን ራሱ ገፈፈው።

ጨርቁ አረንጓዴ፣ አበባ የታተመበት ነው። የወርቅ ክር የለውም፤ አልተቃጠለም። ከሁለቱ ማዞሪያዎች አንዱ ባለ ቢጫ ብረት ነው፣ ሌላው ግን ተራ ጥቁር ፕላስቲክ።

“ምልክቱ የለም” አሉ አያ አዝመራው። ከጎናቸው ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎችም “የለም” አሉ። ጆሮዋ የተተለተለ ላም እስክትሞት ጆሮዋ የተተለተለ ነው። ራዲዮ ግን ላም አይደለም፤ ልብሱን ይቀይራል፣ ጥርሱ ወልቆ ሌላ ይተከልለታል። ይህን ያሰበ አንድም ሽማግሌ አልነበረም። ከብት እንደሚያውቁ ዓለምን ሁሉ የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

“አየህ፣ ቢሻው?” አለች ሸጋ። “አየህ?” በስሙ ስትጠራው ከስንት ዘመን በኋላ መጀመሪያዋ ነበር፤ ለመሳለቅ።

ነጋ እዚህ ላይ ዝም ቢል አሸንፎ ይሄድ ነበር። ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም።

“አይበቃም!” አለ። “ስሜ በአደባባይ ጠፍቷል፤ በአደባባይ ይጠራል። ይህን ራዲዮ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ባሕር ዳር ከሱቅ፣ አዲሱን፣ ከነካርቶኑ ነው የገዛሁት። ምራቴ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ናት። እሷ ትንገራችሁ። ሶስና!”

የፀጋው ሚስት ሶስና ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች።

“እንጀራውን የምትበላ ምራት ልትፈርድብኝ?” አለ ቢሻው። “በእግዚአብሔር! እንዲያው ዝም ብላችሁ እዚሁ ቅበሩኝ።”

“እንጀራዬን በደሞዜ ነው የምበላው፣ አባባ” አለች ሶስና። “ለመቀበር አይቸኩሉ። ዝም ብለው ይቀመጡ።”

ራዲዮውን አዞረች። ከጀርባው የሞዴሉ ቁጥር የሚለጠፍበት ወረቀት ተቀዶ ቅሪቱ ብቻ ቀርቷል። መልሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ካነበበች በኋላ እጇ ቆመ።

“አባባ” አለች ነጋን፣ ቀስ ብላ። “አዲስ ነው የገዙት? ወይስ ከሰው እጅ?”

“አዲስ አልኩ እኮ!”

“ያስቡበት። ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሰው ይረሳል።”

“አልረሳሁም! ማርያምን፣ ካርቶኑን በእጄ ነው የቀደድኩት። ምን ታንተባትቢኛለሽ?”

ሶስና ቀና አለች። ተማሪዎቿ የሚፈሩት ያ ፊቷ መጣ።

“እንግዲያው ስሙ። ይሄ መስታወት ላይ ከቁጥሮቹ ጎን ኪሎሳይክል ተብሎ ነው የተጻፈው። ጥንት የጣቢያ መለኪያው ስሙ እንደዚያ ነበር። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ግን ፋብሪካዎቹ ይህን ትተው ኪሎኸርዝ ብለው ይጽፉ ጀመር። በሰባ ሰባት ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ራዲዮ ላይ ይህ ጽሑፍ የለም። ይሄ በሃምሳዎቹ የተሠራ ነው።”

“ባለሱቁ ዕቃው ከርሞበት ይሆናላ!” አለ ነጋ። “እኔ በምን አውቃለሁ?”

“ይሁን፣ ከረመ እንበል። ከፋብሪካ የወጣ ራዲዮ ግን ማዞሪያዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው።” ጥቁሩን ማዞሪያ ሳበችው፤ ሳይታገል ወጣ። ከቀዳዳው የተጠቀለለ ወረቀት ወደቀ። “ይሄ የሌላ ራዲዮ ማዞሪያ ነው። ቀዳዳው ስለሰፋ በወረቀት ነው ያጠበቁት። የራሱ ይሄ ባለ ብረቱ ነው። እማማ ሸጋ የነገሩን።”

ሸጋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም።

“ጨርቁስ?” አለች።

“ወደ ጨርቁ ልመጣ ነው፣ እማማ። የዚህ ራዲዮ ታናሹ፣ ኋላ የመጣው ሞዴል፣ እዚህ ጋ ፕላስቲክ ፍርግርግ ነው ያለው። ታላቁ ነው ባለ ጨርቁ። የእስፒከር ጨርቅ ደግሞ ድምፅ እንዲያሳልፍ ሳሳ ተደርጎ ይሸመናል። ይሄ ወፍራም ነው፤ ድምፁን ያፍነዋል። ፋብሪካ እንዲህ ያለ ነገር አይለጥፍም።”

“ከመግዛቴ በፊት የለጠፈው ሰው ይኖራላ!” አለ ነጋ።

“አዲስ ነው የገዛሁት አላልክም?” አሉ አያ አዝመራው።

“አዲስ… ማለቴ ባለሱቁ…”

ያን ጊዜ ነው እስካሁን ዝም ያለው ፀጋው ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በጣቱ የዳሰሰው።

“ይሄማ የእማዬ መጋረጃ ነው” አለ።

“ዝም በል!” ነጋ ጮኸ።

“የመኝታ ቤቱ መጋረጃ፣ አባባ። ልጅ ሆኜ አበባውን እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው። ባለሱቁ የእማዬን መጋረጃ ከየት አመጣው?”

ፀጋው ይህን ያለው አባቱን ለማጋለጥ አልነበረም፤ ግራ ገብቶት ነው። የነጋ ቤት ሰው እውነት የሚያመልጠው ግራ ሲገባው ብቻ ነው።

ሶስና የጨርቁን የታችኛውን ግራ ጥግ በጥፍሯ ፈለቀቀችው። ሙጫው ደርቋል፤ እየተሰነጠቀ ለቀቀ። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ወጣ፤ ወርቃማ ክር ጣል ጣል ያለበት። ጥጉ ላይ ጠርዙ የጠቆረ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ዙሪያ ያለው እንጨትም ከስሏል።

ሸጋ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች። አላወጣችውም።

“በዚያ ዘመን ያልወሰደ ማነው?” አለ ነጋ በመጨረሻ። “እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደው ነበር። ሁሉም ሲወስድ ነበር!”

“ራዲዮውን ውሰድ ግድ የለም!” ቢሻው ተነሥቶ ቆመ። “እኔን ለምን ወሰድከኝ? ስሜን ለምን ወሰድክ፣ አንተ አረመኔ?”

ነጋ ወደ ምራቱ ዞረ።

“ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን እንዳትረግጪ።”

“የጠሩኝ እርስዎ ነዎት” አለች ሶስና። “ሁለት ጊዜ ደግሞ መውጫ በር ከፈትኩልዎት።”

አያ አዝመራው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ራዲዮው ለሸጋ እንዲመለስ ተናገሩ። ቀደም ሲል “ምልክቱ የለም” ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳቸውም ቢሻውን ይቅርታ አልጠየቁትም።

ሶስና ራዲዮውን አቅፋ ልታነሣ ስትል ነጋ ጠረጴዛውን መታው።

“ድንጋዩ የኔ ነው! ለልጄ ምግብ ቤት ምርቃት በገንዘቤ የገዛሁት ድንጋይ ነው። ያንን ማንም አይወስድብኝም!”

ፀጋው አንገቱን ደፋ። ሶስና የጀርባውን ክዳን ከፈተችና ስድስቱን ድንጋይ አንድ በአንድ እያወጣች ነጋ ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። የመጨረሻው ተንከባለለ፤ ነጋ እንዳይወድቅበት ሁለት እጁን ዘርግቶ ያዘው።

ቢሻው ኮፍያውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ሸጋ መንገዱ ላይ ቆማለች። እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ከዚያ ቆም አለችና ዞረች። ዓይኗ እንባ አልነበረበትም፤ ቁጣ ነበረበት።

“የት ትሄዳለህ?” አለችው። “እኔ በዚህ ጉልበቴ ዘንገና ድረስ ልሸከመው?”

ቢሻው ኮፍያውን እንደያዘ ቆመ።

“ተሸከመው እንጂ፣ ዋርሳዬ!” ብላ፣ በባሏ ወንድምነቱ ጠርታ፣ ጮኸችበት።

ተመልሶ ራዲዮውን አነሣው።