ጥናቱን የጻፈችው

ኃላፊው አዲሱን አደረጃጀት ስብሰባ ላይ አነበበልን። ደንበኛ ከስልክ ክፍል ወደ ቅሬታ ክፍል እየተመላለሰ ስለተንገላታ፣ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ይሆናሉ። ስልክ ተቀባዮች ቅሬታም ይፈታሉ፤ ፈረቃቸው አይለወጥም። የቅሬታ ክፍል አስተባባሪዋ ግን ከነገ ጀምሮ በስልክ ክፍሉ አስተባባሪ ሥር ተራ ሠራተኛ ትሆናለች።

እሷም ይህን የሰማችው እንደ እኛው፣ እዚያው ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ የደንበኛውን መንገላታት ያሳየውን ጥናት የጻፈችው ራሷ ናት።

«ጥያቄ አለ?» አለ ኃላፊው።

«አለ እንጂ! ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ለብቻዬ ጠርተህ መንገር አቃተህ?» አለች የቅሬታ አስተባባሪዋ።

«እትዬ፣ ለሁሉም እኩል ይድረስ ብዬ ነው።»

«እኩል? ከወንበሩ የወረደ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

ኃላፊው ወረቀቱን አጠፈ። «እሺ፣ ነገ እንነጋገር።»

«ለምን ነገ?» አለች ተነሥታ። «ቢሮህ እዚሁ ጎን አይደል?»