በምስጋና የተላከ ጥያቄ

የመካነ ሰላም ቅርንጫፍ ጸሐፊ የሆነችው ፈትሂያ የመጀመሪያ ልጇን ደሴ ሄዳ በኦፕሬሽን ነበር የወለደችው። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ደረሰኟን ተቀብሎ ከፍሎላታል። አሁን ሁለተኛውን ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ ከአዲስ አበባ አንዲት መስመር ሰርኩላር መጣች፤ «የሠራተኞች ሕክምና ከሐምሌ ወር ጀምሮ በኢንሹራንሱ ውል መሠረት ይስተናገዳል።» ውሉን መካነ ሰላም ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም።

ሁለት ጊዜ የጥያቄ ደብዳቤ ታይፕ አድርጋ ለቅርንጫፍ ኃላፊው ለአቶ ንጉሡ አቀረበች። ሁለቱንም አልፈርምም አሉ።

«ጥያቄ ሲበዛ ቅሬታ ይመስላል፣ ልጄ። ቅሬታ ደግሞ የሚሄደው የኔን ስም ይዞ ነው።»

ሾፌሩ አሕመድኑር በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ኃላፊው ሲወጡ ጠጋ አለ።

«አንቺ፣ የወሎ ልጅ ሆነሽ በደረቁ ትለምኛለሽ? አመስግነሽ መርቂያቸው እንጂ።»

«ባልሰጡኝ ነገር?»

«ያልሰጡሽን እነሱ ይንገሩሽ።»

ፈትሂያ ሳቀችና ወደ ታይፕ መኪናዋ ዞረች። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አስተዳደር እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«አዲሱ ኢንሹራንስ ወላጆቻችንን ጨምሮ በመረጥነው ክሊኒክ፣ ጥርስና መነጽር ሳይቀር፣ ወሊድንም በኦፕሬሽን ቢሆን እንኳ ያለ ገደብ እንደሚሸፍን ስለተረዳን ልባዊ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የተሳሳትነው ካለ እንዲብራራልን እየጠየቅን፣ እስከዚያው ሠራተኛው በዚሁ መሠረት መታከም የሚጀምር መሆኑን እናሳውቃለን።»

አቶ ንጉሡ አነበቡና ጉንጫቸውን ዳበሱ።

«ጥርስም አለበት?»

«ምስጋና ነው፣ ጋሼ።»

«ምስጋናማ አይከለከልም።» ፈርመው ማኅተም አሳረፉበት።

ለጥያቄ ወር የሚፈጅበት ቢሮ ለምስጋናው ሳምንት ሳይሞላ በፋክስ መለሰ፤ የውሉንም ገጾች አያይዟል። ወላጆች አይካተቱም። ጥርስና መነጽር አይሸፈንም። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕክምናው ውል በተገባባቸው ሆስፒታሎች ብቻ ነው።

«ታዲያ እኔ ምኑን ነው ያመሰገንኩት?» አሉ አቶ ንጉሡ።

«ጥርስዎን በፋክስ ነቀሉልዎ» አለ አሕመድኑር።

ፈትሂያ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀርታለች። ወሊድ፣ ኦፕሬሽንም ቢሆን፣ እስከተወሰነው ጣሪያ ይሸፈናል። ለነባር ሠራተኞች የመጠበቂያ ጊዜ የለም። ደሴ ውል ያለው ሆስፒታል አለ። የሚያስፈልገው የጤና ጣቢያው ሪፈር ወረቀትና፣ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ እንዲፈቅድ የሚጠይቅ የቅርንጫፉ ደብዳቤ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና አዲስ ወረቀት መኪናዋ ላይ አስገባች።

አቶ ንጉሡ በትከሻዋ በኩል አሻግረው አዩ።

«አሁን ደግሞ ማንን ልናመሰግን ነው?»

«ማንንም፣ ጋሼ። ይሄ ጥያቄ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው የምትሄጅበትን ቀን በደንብ ጻፊው» አሉ፤ «እነዚህ ሰዎች ካልነገሯቸው አይገባቸውም።»