ሰማንያ ሜትር

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሠላሳ ስም ይዟል፤ የገለኔ ጭምዴሳ ስም ግን የለበትም። ከላይ ወደ ታች አነበበችው። ከታች ወደ ላይ አነበበችው። ጣቷን አስጠግታ እንደገና አነበበችው። የለም! መጨረሻ ላይ የተጻፈችው ነፃነት ሸጋው ናት፤ ስልሳ አንድ። ገለኔ ያመጣችው ስልሳ ነው። በአንዲት ነጥብ!

ይህ ወረቀት እንደ ቀላል እንዳይታያችሁ። መቱ ያለው ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን በሞዴል ፈተና ይለይና ሠላሳዎቹን ልዩ ክፍል ያስገባቸዋል። ማደሪያ ይሰጣቸዋል፤ ቅዳሜም ያስጠናቸዋል። ገለኔ የኖፓ ልጅ ናት፤ እስካሁን ያደረችው አክስቷ ዘንድ ነበር። አክስቷ ደግሞ በሥራ ወደ ጎሬ ልትዛወር ነው። አባቷ ቁርጡን ነግሯታል፦ «ልዩ ክፍል ከገባሽ ትማሪያለሽ። ካልገባሽ ወደ ቤት ነው፤ ብቻሽን ቤት ተከራይተሽ አታድሪም።» የጭምዴሳ ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

የፊዚክስ ወረቀቷን ተቀብላ አንድ በአንድ አየችው። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቀይ ኤክስ አለ። ግራፍ ነው፤ አግድም ጊዜ፣ ሽቅብ ፍጥነት። መኪናዋ ከቆመችበት ትነሳና በስምንት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቷ ሃያ ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። «በእነዚህ ስምንት ሰከንዶች ስንት ሜትር ተጓዘች?» ይላል። ምርጫዎቹ፦ ሀ 2.5፣ ለ 80፣ ሐ 160፣ መ 0.4። ገለኔ «ለ» ብላለች።

«አንቺ ምን አልሽ?» አለቻት አጠገቧ የቆመችውን የክፍል ጓደኛዋን ነፃነትን።

«ሀ ነዋ! የአምናው ጥያቄ እኮ ነው። የወንድሜ ወረቀት ላይ መልሱ ሀ ነበር።»

«ግራፉን አይተሽዋል?»

«መልሱን እያወቅኩ ለምን አያለሁ?» ብላ ሳቀች ነፃነት። ተንኮል የለባትም፤ ያለችው እውነቷን ነው።

ገለኔ ደሟ ፈላ። ወረቀቱን አጣጥፋ በቀጥታ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። መምህር ወንድይራድ ደብተር እያረሙ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ አንድ ዐመል ብቻ አለባቸው። ያቺን ግራፍ በየዓመቱ ያመጧታል፤ ግራፏ ያው ነው፣ ምርጫዎቹም ያው ናቸው፣ የሚለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። አንድ ዓመት አክስለሬሽን፣ ማለት የፍጥነቷን ጭማሪ፣ ይጠይቃሉ፤ ሌላ ዓመት ርቀት።

«ቲቸር፣ አሥራ ሰባተኛው ተሳስቷል።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

«መልሱ።»

«ሂጂ ወዲያ! የመልስ ቁልፉ ላይ ያለው ሀ ነው። ሃያን ለስምንት ስታካፍይ ሁለት ነጥብ አምስት፤ አለቀ።»

«እሱማ የመስመሩ ተዳፋት፣ ስሎፑ ነው፤ አክስለሬሽን። የጠየቃችሁን ርቀት ነው። ርቀት ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ነው፤ እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁን!»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ አራርሳ ከወዲያ ጥግ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ውጤቱ ተለጥፏል፤ ማህተም አርፎበታል። ለአንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈቴ ነው። ማሎ፣ እባክሽ፣ ወደ ክፍልሽ ግቢ።»

«አልገባም።»

ገለኔ ራሷም ደነገጠች። ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል።

«ጋሼ አራርሳ፣ ከያዮ የሚመጣውን ሚኒባስ ያውቁታል አይደል? ከቆመበት ተነስቶ፣ ስምንት ሰከንድ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ በሰዓት ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር ደርሶ፣ የተጓዘው ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ነው ይሉኛል? ሚኒባሱ ራሱ እኮ ከዚያ ይረዝማል! የኋላ ጎማው የፊተኛው የነበረበት ሳይደርስ እንዴት ነው ሰባ ሁለት የገባው?»

አንዲት አስተማሪ ሳቋ አመለጣት። አቶ አራርሳ ግን አልሳቁም፤ ዐይናቸው ገለኔ ወደያዘችው ወረቀት ሄደ።

ገለኔ ጠመኔ አንስታ ግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ግራፉን ሣለች። መስመሩን ወደ ላይ አወጣች፤ ከመጨረሻው ነጥብ ቀጥ አድርጋ ወደ ታች አወረደች። ሦስት ማዕዘን ሆነ። «ስምንት ሲባዛ በሃያ መቶ ስልሳ። ያ ሬክታንግሉ፣ ሙሉው አራት ማዕዘን ነው፤ ከመጀመሪያውም በሃያ ብትሄድ ኖሮ። መኪናዋ ግን ከዜሮ ነው የተነሳችው፤ ስለዚህ ግማሹ፤ ሰማንያ ሜትር። ሀ የሚሆነው ጥያቄው አክስለሬሽን ቢሆን ነበር።»

መምህር ወንድይራድ መሳቢያቸውን ከፍተው የአምናውን ፈተና አወጡ፤ የዘንድሮውን አጠገቡ አስቀመጡ። የአምናው «አክስለሬሽኗ ስንት ነው?» ይላል። የዘንድሮው «ስንት ሜትር ተጓዘች?» ይላል። ጥያቄውን ሲቀይሩ ቁልፉን ረስተውታል። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«እሺ» አሉ አቶ አራርሳ ቶሎ ብለው፣ «አንካሰስ። ጥያቄውን እንሰርዘውና ነጥቡን ለሁሉም እንስጥ። አንቺም ስልሳ አንድ ትሆኛለሽ።»

«ነፃነትስ?»

«እሷም ስልሳ አንድ ናት። ስሟ ግን ቀድሞ ተለጥፏል፤ ቦታው የእሷ ነው።»

አይ ብልጠት! ነጥቡን ሰጥቶ ቦታውን መከልከል።

«አልቀበልም» አለች ገለኔ። እንባዋ መጥቷል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ምጽዋት አልጠየቅኩም። የሠራሁትን ነው የጠየቅኩት። ሰማንያ ልክ ነው፣ ሁለት ነጥብ አምስት ስህተት ነው። ሁለቱን እኩል ካደረጋችሁ ምን ልማር ነው እዚህ የምመጣው?»

መምህር ወንድይራድ ተነሱ። «ልጅቷ ልክ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የሁሉንም ወረቀት ተሸክመው እንደገና አረሙ። በማግስቱ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ገለኔ ሠላሳኛ፤ ስልሳ አንድ። ነፃነት ስልሳ፤ ከዝርዝሩ ውጪ።

ነፃነት ግቢው መሀል ላይ አገኘቻት። «ቦታዬን ወሰድሽ» አለቻት።

«አልወሰድኩም። መልሱ ሰማንያ ነው።»

«ወንድሜ…»

«ወንድምሽን ተይው! አንቺ አልሠራሽውም።»

መረር ያለ ንግግር ነበር፤ ገለኔም ሌሊቱን ሙሉ ቆጫት። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ቅዳሜ ጠዋት ልዩ ክፍሉ ተጀመረ። ሠላሳ ወንበር፣ ሠላሳ ተማሪ። መምህር ወንድይራድ ገና ጠመኔ ሳያነሱ በሩ ተከፈተ። ነፃነት ናት፤ ከሌላ ክፍል ያመጣችውን ወንበር ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ገባች። ማንንም ሳታይ ኋላ ጥግ አስቀምጣው ተቀመጠች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ አዩዋትና ሰሌዳው ላይ ግራፍ ሣሉ፤ አዲስ ግራፍ፣ ተማሪዎቹ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት። «እዚህ ላይ ርቀቱን ማን ይነግረኛል?»

ነፃነት እጇን አወጣች። «መጀመሪያ ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋት ነው የምፈልገው፤ ስሎፑን አይደለም» አለች። ተነስታ ሠራችው። ልክ ነበረች።

ይሄኔ አቶ አራርሳ ዝርዝሩን ይዘው ብቅ አሉ። ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። «ሠላሳ አንድ! ይህቺ ማን ፈቅዶላት ነው? ውጪ!»

ነፃነት ወንበሯን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ገለኔ ከፊት ተነስታ ወደ ኋላ ሄደችና የወንበሩን መደገፊያ ያዘችው።

«ጋሼ አራርሳ፣ አሁን ሰሌዳው ላይ ጥያቄውን ራሷ ሠርታዋለች» አለች። «እሷ ከወጣች እኔም፣ ሠላሳኛዋ፣ አብሬያት እወጣለሁ።»

ወንበሩንም አልለቀቀችም።